ከገደል አፋፍ በአግድም የተወረወረ ድንጋይ፦ የት ያርፋል? በምን ፍጥነት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ሳስጠና በየዓመቱ እነዚህ ጥያቄዎች ይመጡብኛል። ቅደም ተከተላቸው እንኳን ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ልሰብስባቸው ብዬ ነው።

ከላይ እስከ ታች የምንጠቀመው አንድ ምሳሌ ነው። 45 ሜትር ከፍታ ያለው ገደል አፋፍ ላይ ቆመናል። ከታች ሜዳ ነው፣ ሰውም ከብትም የለም። ድንጋዩን በአግድም፣ በሰከንድ 12 ሜትር ፍጥነት ወረወርነው። 45 ሜትር ምን እንደሚያህል በዓይነ ሕሊና ለማየት ጢስ ዓባይን አስቡ፤ የፏፏቴው ቁመት አብዛኛውን ጊዜ ከ42 እስከ 45 ሜትር ተብሎ ይጻፋል።

ጥያቄው ላይ የተሰጠኝ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ይበቃል?

ይበቃል። ምክንያቱም ሦስተኛው ቁጥር "በአግድም" በሚለው ቃል ውስጥ ተደብቋል። ድንጋዩ ከእጅ ሲወጣ ወደ ላይም ወደ ታችም አልተገፋም ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ታች ያለው መነሻ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ጥያቄው ይህንን በቁጥር አይነግራችሁም። እናንተ ናችሁ ከቃሉ ላይ የምታነቡት።

ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ነው። 12ን ያያል፣ "መነሻ ፍጥነት" ይላል፣ ከዚያ ቀጥ አድርጎ የመውደቅ ፎርሙላ ውስጥ ይከተዋል። 12 ግን የአግድሙ ነው። መውደቁን አይመለከተውም።

ለምንድን ነው እንቅስቃሴውን ለሁለት የምንከፍለው?

ስበት የሚስበው ወደ ታች ብቻ ስለሆነ ነው። ወደ ጎን የሚጎትትም የሚገፋም ነገር የለም (አየሩን ለጊዜው እንተወው፣ ወደ መጨረሻው እንመጣበታለን)። የሚጎትተው ከሌለ ደግሞ የአግድም ፍጥነቱ የሚለወጥበት ምክንያት የለም፤ ሲነሳ በሰከንድ 12 ሜትር ከሆነ ሲያርፍም 12 ነው። ወደ ታች ስታዩት ግን ልክ ዝም ተብሎ እንደተለቀቀ ድንጋይ ነው። ከዜሮ ይነሳል፣ በየሰከንዱ 9.8 እየጨመረ ይወርዳል።

ሁለቱ የሚጋሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጊዜን። መውደቁ ሲያበቃ ወደ ፊት መሄዱም ያበቃል።

ይህንን ለማመን የሚከብዳችሁ ከሆነ ቤት ውስጥ ሞክሩት። ማስመሪያ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ሰያፍ አድርጋችሁ አስተኙ፣ አንዱ ጫፍ ትንሽ ወደ ውጭ ይውጣ። በወጣው ጫፍ ላይ አንድ ሳንቲም ጫኑ። ሌላውን ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ፣ በማስመሪያውና በጠርዙ መካከል ባለው ክፍተት አስቀምጡ። መሃሉን በጣት ያዝ አድርጋችሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጫፍ ወደ ጠርዙ ቶሎ ምቱት። አንዱ ሳንቲም ማስመሪያው ከሥሩ ሸሽቶበት እግራችሁ ሥር ይወድቃል። ሌላው ተፈናጥሮ ርቆ ይሄዳል።

አሁን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ድገሙት። የምትሰሙት አንድ "ቃ" ነው። ሁለት አይደለም። ርቆ የሄደው ሳንቲም ስለራቀ አልዘገየም፤ ጠረጴዛው 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሁለቱም 0.4 ሰከንድ ገደማ ነው የፈጀባቸው።

እሺ፣ ስሌቱ ከየት ይጀመራል?

ሁልጊዜ ከጊዜው። ጊዜውን የሚወስነው ደግሞ ቁመቱ ብቻ ነው። ከዜሮ ተነስቶ የሚወድቅ ነገር በ t ሰከንድ የሚወርደው ርቀት የሚከተለው ነው፦

```
h = ½ g t²
t = √(2h / g)
t = √(2 × 45 / 9.8) = √9.18 = 3.03 s
```

ድንጋዩ አየር ላይ የሚቆየው 3.03 ሰከንድ ነው። እዚህ ስሌት ውስጥ 12 የሚባል ቁጥር የትም እንደሌለ ልብ በሉ።

ስኩዌር ሩቱን የሚረሳ ሰው 9.18 ሰከንድ ብሎ ይቀጥላል። ስህተቱን ለመያዝ ቀላል ዘዴ አለ፤ ቁጭ ብላችሁ እስከ ዘጠኝ ሰከንድ ቁጠሩ። ከዚህች ገደል የወደቀ ድንጋይ ያን ያህል አየር ላይ አይቆይም። በዘጠኝ ሰከንድ አንድ ነገር ወደ 400 ሜትር ሊወድቅ ይችላል።

ፈተናው g = 10 ውሰዱ ካለ ጊዜው ድፍን 3 ሰከንድ ይወጣል፣ ሌላውም ቁጥር በጥቂቱ ይለወጣል። የተባላችሁትን ውሰዱ። አንዱን መስመር በ9.8፣ ሌላውን በ10 አትሥሩ ብቻ።

ከገደሉ ሥር ምን ያህል ርቆ ያርፋል?

ጊዜው ከታወቀ ይህ አንድ መስመር ነው። የአግድም ፍጥነቱ ስለማይለወጥ ፍጥነትን በጊዜ ማባዛት ነው።

```
x = v0 × t = 12 × 3.03 = 36.4 m
```

36.4 ሜትር። ይህ ርቀት፣ ሬንጅ የምንለው፣ የሚለካው ከገደሉ ሥር በመሬቱ ላይ ነው። ከእጃችሁ እስከ ማረፊያው በቀጥታ የተዘረጋ ገመድ ብትለኩ ግን ወደ 58 ሜትር ይሆናል። ሁለቱን አታምታቱ።

ድንጋዩ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ ጉልበቱ ሲያልቅ አይደል የሚወድቀው?

አይደለም። ይህ ሐሳብ ከብዙ ሰው ጭንቅላት የማይወጣው ካርቱን ላይ እንደዚያ ስለምናይ ይመስለኛል። መውደቅ የሚጀምረው ከእጅ በወጣበት ቅጽበት ነው። የት የት እንደሚገኝ በየሰከንዱ እንየው፦

```
t = 1 s    x = 12 m    ↓ 4.9 m
t = 2 s    x = 24 m    ↓ 19.6 m
t = 3 s    x = 36 m    ↓ 44.1 m
```

ወደ ፊት የሚሄደው እኩል እኩል ነው፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት። ወደ ታች ግን በመጀመሪያው ሰከንድ 5 ሜትር እንኳን ሳይሞላ፣ በሦስተኛው ሰከንድ ብቻ 24.5 ሜትር ወርዷል። መጀመሪያ ላይ "ቀጥ ብሎ የሄደ" የሚመስለን ገና ብዙ ስላልወረደ ነው። እነዚህን ሦስት ነጥቦች ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ብታገናኟቸው ቅርጹ ራሱ ይወጣል፤ ፓራቦላ ነው።

መሬት ሲነካ ፍጥነቱ ዜሮ አይደለም እንዴ? ቆሟል እኮ።

ይህ ጥያቄ ሲጠየቅ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ጠያቂው ስለ እውነተኛው ድንጋይ እያሰበ ነው። አዎ፣ መሬቱ ያቆመዋል። ጥያቄው "በምን ፍጥነት መሬቱን መታ?" ሲል ግን የሚጠይቀው መሬቱ ገና ሳያቆመው ያለውን የመጨረሻዋን ቅጽበት ነው። ፎርሙላችን የሚሠራው ድንጋዩ አየር ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። መሬቱ ከገፋው በኋላ ያለው ሌላ ታሪክ ነው።

በዚያች ቅጽበት ወደ ታች ያለው ፍጥነት፦

```
vy = g × t = 9.8 × 3.03 = 29.7 m/s
```

የአግድሙ ያው 12 ነው። ሁለቱን ማገናኘት ነው የቀረን።

12 እና 29.7 ደምሬ 41.7 ብዬ ጻፍኩ። ለምን ተሳሳትኩ?

አቅጣጫቸው ስለሚለያይ። 12 ሜትር ወደ ምሥራቅ ተራምዳችሁ ከዚያ 29.7 ሜትር ወደ ደቡብ ብትራመዱ ከተነሳችሁበት 41.7 ሜትር አልራቃችሁም። ሰያፉን ነው የራቃችሁት። ፍጥነትም እንደዚያው ነው። 12ን አግድም መስመር፣ 29.7ን ከጫፉ ቁልቁል መስመር አድርጋችሁ ሳሉ። የቀኝ ማዕዘን ያለው ሦስት ማዕዘን ይወጣል፣ የምንፈልገውም ረጅሙን ጎን ነው።

```
v = √(12² + 29.7²) = √1026 = 32.0 m/s
tan θ = 29.7 / 12 = 2.475
θ = 68°
```

ድንጋዩ መሬቱን የሚመታው በሰከንድ 32 ሜትር፣ ከአግድም 68 ዲግሪ ወደ ታች ባዘነበለ አቅጣጫ ነው። ወደ መኪና ፍጥነት ስትቀይሩት በሰዓት 115 ኪሎ ሜትር ነው። ከታች ሰው እንደሌለ ሳያረጋግጡ ከአፋፍ ድንጋይ መወርወር ለምን ነውር እንደሆነ ይህ ቁጥር ይናገራል።

መልስ ስትጽፉ አቅጣጫውን አትርሱ። ጥያቄው "ቬሎሲቲ" ካለ 32 ብቻውን ግማሽ መልስ ነው። ዲግሪውንም ከምን እንደለካችሁ ጻፉ። 68 ከአግድም ነው፣ ያው መስመር ከቁልቁል ሲለካ 22 ነው። ካልኩሌተሩ ላይ 29.7ን ለ12 ማካፈል ሲገባው 12ን ለ29.7 ያካፈለ ተማሪ 22 ያገኝና "ከአግድም" ብሎ ይጽፋል። ይህንን ለመያዝ ሥዕሉን ማየት ይበቃል፦ የመውደቁ ፍጥነት ከአግድሙ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ሳለ መስመሩ እንዴት ወደ አግድም ያጋድላል?

መልሴ ትክክል መሆኑን በሌላ መንገድ ማጣራት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ እኔም ሁልጊዜ አደርገዋለሁ። በኢነርጂ። ድንጋዩ አፋፉ ላይ የነበረው የከፍታ ኢነርጂ ሲወርድ ወደ እንቅስቃሴ ኢነርጂ ይለወጣል። ክብደቱ ከሁለቱም ወገን ተጣፍቶ ይህ ይቀራል፦

```
v² = v0² + 2gh
v² = 144 + 882 = 1026
v = 32.0 m/s
```

ጊዜ የለበትም፣ ማዕዘን የለበትም። ቢሆንም 1026 ላይ ተገናኘን። ባይገናኝ ኖሮ ከሁለቱ ስሌቶች አንዱ ተሳስቷል ማለት ነበር። የዚህ መንገድ ጉድለቱ አቅጣጫውን አለመናገሩ ነው፤ የት እንደሚያርፍም አይነግራችሁም። ለማጣራት እንጂ ለመተካት አይሆንም።

ፍጥነቱን እጥፍ ባደርገውስ? ገደሉስ እጥፍ ቢረዝም?

በሰከንድ 24 ሜትር ብትወረውሩት ጊዜው አሁንም 3.03 ሰከንድ ነው። የማረፊያው ርቀት እጥፍ ይሆናል፣ 72.7 ሜትር። የሚመታበት ፍጥነት ግን እጥፍ አይሆንም። ከ32 ወደ 38 ገደማ ብቻ ነው የሚያድገው፣ ምክንያቱም የመውደቁ 29.7 ንቅንቅ አላለም።

ገደሉ 90 ሜትር ከሆነ ደግሞ ጊዜው እጥፍ የሚሆን ይመስላል፣ ግን 4.29 ሰከንድ ነው። ድንጋዩ ሁለተኛውን 45 ሜትር የጀመረው በከፍተኛ ፍጥነት ስለሆነ በ1.26 ሰከንድ ይጨርሰዋል። ስለዚህ በ12 የተወረወረው 51.4 ሜትር ላይ ያርፋል እንጂ 72.7 ላይ አይደለም።

የተወረወረበትን ፍጥነት ባላውቅስ?

ያኔ ከማረፊያው ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። ለዚህ ገደል አያስፈልግም፣ ብይ ይበቃል። ብይዋን 80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ጠረጴዛ ላይ አንከባልላችሁ ልቀቋት። ወለሉ ላይ ትንሽ ዱቄት ነስንሱ፣ ያረፈችበት ምልክት ይቀራል። ከጠረጴዛው ጠርዝ ቱምቢ አውርዱ፣ ክር ላይ የታሰረ ትንሽ ጠጠርም ይሆናል፣ ከቱምቢው ጫፍ እስከ ምልክቱ ለኩ። 60 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል።

```
t = √(2 × 0.80 / 9.8) = 0.404 s
v0 = 0.60 / 0.404 = 1.5 m/s
```

ሰዓት ሳትይዙ ፍጥነት ለካችሁ ማለት ነው። ጋሊልዮም በ1608 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ኳስ ከጠረጴዛ ላይ በአግድም እያስወነጨፈ የሚያርፍበትን ርቀት ይለካ ነበር፤ ቁጥሮቹ በማስታወሻ ወረቀቱ ላይ ተርፈዋል።

አንድ የምትጠነቀቁት ነገር፦ ጠረጴዛው ትንሽ እንኳን ካዘነበለ ብይዋ በአግድም አልወጣችም። ያኔ መነሻዋ ዜሮ ነው ያልነው ይፈርሳል። ብይዋን መሃሉ ላይ በዝግታ አስቀምጡና ልቀቋት፤ ራሷ ከተንከባለለች ከጠረጴዛው እግር በታች ወረቀት አጥፋችሁ አስገቡ።

አየሩን ተውነው አልን። ምን ያህል ይለውጣል?

በእኛ ገደል፣ ከምትገምቱት በላይ። 300 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ 6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድብልብል ድንጋይ እንውሰድ። መጀመሪያ ላይ አየሩ የሚገፋው ኃይል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ግን ግፊቱ በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ፣ 32 ላይ ሲደርስ የድንጋዩን ክብደት ሩብ ያህል ይሆናል። ጊዜውን በትንንሽ ቆርጬ በግምት ስሠራው ማረፊያው ከ36.4 ወደ 35 ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ የሚመታበት ፍጥነት ደግሞ ከ32 ወደ 29 ገደማ።

አየር ሲገባ ሌላም ነገር ይበላሻል። የአየሩ ግፊት በጠቅላላው ፍጥነት ላይ ስለሚመሠረት አግድሙና ቁልቁሉ እርስ በርስ መነካካት ይጀምራሉ። ለሁለት ከፍሎ ለየብቻ መሥራት የሚቻለው አየሩን ስንተወው ብቻ ነው።

"ከባድ ድንጋይ ቶሎ አይወድቅም ወይ?" ለሚለውም መልሱ እዚሁ ነው። አየር ከሌለ ክብደት ምንም አይለውጥም፤ ፎርሙላዎቹ ውስጥ ክብደት የለም። አየር ካለ ግን እኩል መጠን ያለው የብረት ኳስ ከድንጋዩ ያነሰ ይጎዳል፣ የተጨማደደ ወረቀት ደግሞ ስሌታችንን ጭራሽ አይሰማም።

የገደሉን ቁመት በስልኬ ሰዓት ለካሁት፣ 50 ሜትር ወጣ። 45 ነው የሚሉት ግን። የት ተሳሳትኩ?

ድምፁን ረስታችኋል። ድንጋዩ ሲወድቅ በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው ያቆማችሁት። ድንጋዩ በ3.03 ሰከንድ መሬቱን መታ። ድምፁ ግን ከማረፊያው እስከ ጆሯችሁ ያቺን 58 ሜትር ሰያፍ መንገድ መመለስ አለበት። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ስለዚህ 0.17 ሰከንድ ይጨምራል። ሰዓቱ 3.20 ያሳያል።

```
½ × 9.8 × 3.20² = 50.2 m
½ × 9.8 × 3.03² = 45.0 m
```

አምስት ሜትር ስህተት ከ0.17 ሰከንድ! ጊዜው ስኩዌር ስለሚሆን ትንሿ ስህተት ታብጣለች። ስልኩን የሚነካው ጣትም ከጆሮ በኋላ ትንሽ ስለሚዘገይ እሷም ወደዚያው ትጨምራለች። የሚያየው ሰው ካለ ከታች፣ ከማረፊያው ራቅ ብሎ ይቁምና ድንጋዩ ሲነካ መሀረብ ያውለብልብ፤ እናንተ በጆሮ ሳይሆን በዓይን አቁሙት። ሰው ከሌለ ደግሞ መጀመሪያ 50.2ን ውሰዱ፣ በእሱ የድምፁን ጊዜ ገምቱ፣ ከ3.20 ቀንሱና እንደገና አስሉ። አንድ ሁለት ዙር ስትሄዱ 45 አካባቢ ይረጋል።